በንግድ ትርኢት ላይ ላነጋገራችሁት ሰው በ2 ቀን ውስጥ የሚላክ መልእክት፦ አዘገጃጀቱ ከካርዱ ጀርባ ይጀምራል

ከንግድ ትርኢት የተመለሰ ሰው ኢሜይሉን ሲከፍት ተመሳሳይ መልእክቶች ተደርድረው ይጠብቁታል። «ማሳያ ቦታችንን ስለጎበኙ እናመሰግናለን። ካታሎጋችንን አያይዘናል። ለማንኛውም ጥያቄ ዝግጁ ነን።» ሰውየው በዚያ ቀን ብዙ ሻጭ አነጋግሯል፤ ከእነዚህ ላኪዎች የትኛው ምን እንዳለው ከመልእክቱ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ያልፋቸዋል። የሚመልሰው የጠየቀውን ጥያቄ መልሶ ለላከለት ሰው ነው።

እዚህ የምጽፈው ስለ አንድ ዓይነት መልእክት ብቻ ነው። ማሳያ ቦታችሁ ድረስ መጥቶ፣ ቆሞ፣ የራሱን ሥራ የሚመለከት ጥያቄ ጠይቆ፣ ካርዱን ሰጥቶ ለሄደ ሰው በ2 ቀን ውስጥ የሚላከውን መልእክት። ብሮሸር ብቻ አንስቶ ያለፈ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ለእሱ አጭር የምስጋና መልእክት ይበቃል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተል። ጠርሙስ ላይ ሌብል የሚለጥፍ ማሽን ትሸጣላችሁ እንበል። የማሸጊያ ዕቃዎች ትርኢቱ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ይቆያል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የአንድ ፈሳሽ ሳሙና ፋብሪካ የምርት ክፍል ኃላፊ መጡ። ማሽኑ ሲሠራ ጥቂት ካዩ በኋላ፣ ክብ የሆነውን የ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስና ጠፍጣፋውን የ1 ሊትር ጠርሙስ በአንድ ማሽን መለጠፍ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመቀየር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም ማወቅ ፈለጉ። ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ፣ ጠርሙሶቹ ከመሙያው እርጥብ ሆነው ስለሚወጡ በእጅ የሚለጠፈው ሌብል በማግስቱ እንደሚላቀቅ አነሱ። እናንተም «ስለ እርጥበቱ ቴክኒሻናችንን ጠይቄ አሳውቅዎታለሁ» አላችሁ። ካርድ ተለዋወጣችሁ፤ ሄዱ።

1. ሰውየው ፊቱን እንዳዞረ ጻፉ

የመልእክቱ ጥራት የሚወሰነው በዚህች ደቂቃ ነው። የሚቀጥለው ጎብኚ ከመጣ በኋላ ሁለቱ ንግግሮች መደባለቅ ይጀምራሉ፤ ማታ ላይ ደግሞ ካርዶቹን ብትደረድሩ ክብና ጠፍጣፋ ያሉት የትኛዋ እንደነበሩ እርግጠኛ አትሆኑም። ስለዚህ እስክሪብቶ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ካርዱ ጀርባ ላይ፣ አንጸባራቂ ሆኖ ቀለም የማይዝ ከሆነ ደግሞ ከካርዱ ጋር በስቴፕለር በሚያያዝ ትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉ። በዚህ ምሳሌ ካርዱ ጀርባ ላይ የሚኖረው ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞ ከሰዓት። ፈሳሽ ሳሙና። 500 ክብ፣ 1 ሊትር ጠፍጣፋ። በአንድ ማሽን? ቅያሬ ስንት ደቂቃ? ጠርሙስ እርጥብ፣ ሌብል በማግስቱ ይላቀቃል። አሁን በእጅ፣ 4 ሰው። ውሳኔ ከሥራ አስኪያጁ ጋር። ቃል፦ ስለ እርጥበት ቴክኒሻን። ኢሜይል ይሻላቸዋል።»

እዚህ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው የእሳቸው ቃል ነው። «ሌብል ይላቀቃል» ካሉ «ይላቀቃል» ብላችሁ ጻፉ እንጂ ወደ ራሳችሁ የሽያጭ ቋንቋ አዙራችሁ «የማጣበቅ ጥራት ችግር» አትበሉ። መልእክቱ ሲደርሳቸው የራሳቸውን ቃል ሲያገኙ ንግግሩ ወዲያው ትዝ ይላቸዋል። ሁለተኛው ዋና ነገር «ቃል» የሚለው መስመር ነው። በትርኢት ላይ ሻጭ «እልክልዎታለሁ»፣ «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» የሚለው ሳያስበው ነው፤ ገዢው ግን ይይዘዋል። ሦስተኛው፣ በምን መንገድ መልእክት እንዲደርሳቸው እንደሚመርጡ ነው። ካርድ ስትቀበሉ «በኢሜይል ልላክልዎ ወይስ በስልክ መልእክት?» ብሎ መጠየቅ ከባድ አይደለም፤ በኋላ ከመገመትም ያድናል።

ትርኢቱ የጎብኚዎችን መግቢያ ባጅ የሚያነብ መሣሪያ ካለው ተጠቀሙበት፤ ግን በእሱ አትተማመኑ። ባጁ የሚሰጣችሁ ስም፣ ድርጅትና አድራሻ ነው። ምን እንደተባለ አይነግራችሁም።

2. ሁለቱ ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር እወቁ

ብዙ ሻጮች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሁለቱን ቀን ትርኢቱ ካለቀበት ይቆጥራሉ። ሐሙስ ማታ ዕቃው ይታሸጋል፣ ዓርብ ጉዞ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት፤ ሰኞ ቢሮ ሲገቡ የተጠራቀመ ሥራ ይጠብቃቸዋል። ማክሰኞ የመጡት ኃላፊ መልእክቱን የሚያገኙት ሳምንት ቆይተው ይሆናል። በዚህ መሃል ከሌላ ሻጭ ፕሮፎርማ ደርሷቸው ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ ቀን የሚቆጠረው ሰውየውን ካነጋገራችሁበት ሰዓት ነው። ማክሰኞ ላነጋገራችሁት፣ ሐሙስ፣ ማለትም ትርኢቱ ገና ሳያልቅ መላክ አለበት። ይህ እንዲሆን በየቀኑ ማታ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁ አንዱ ማሳያ ቦታውን ሲዘጋጋ ሌላው ይጻፍ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ማታ የምትጽፉት ቃል ለገባችሁላቸው ሰዎች ብቻ ይሁን፤ የቀሩት እስከ ማግስቱ መቆየት ይችላሉ።

የዕረፍት ቀንም ይታሰብ። ሐሙስ ያነጋገራችሁት ሰው ሁለተኛ ቀኑ ቅዳሜ ላይ ይወድቃል። ለቢሮ ኢሜይል ቅዳሜ የተላከ መልእክት ሰኞ ጠዋት ከሌላው ሁሉ ሥር ተቀብሮ ነው የሚገኘው። ስለዚህ የሐሙሱን ሰው ዓርብ ከምሳ በፊት ድረሱበት። ተቀባዩ ሌላ አገር ከሆነ የሰዓት ልዩነቱንና የእሱን የዕረፍት ቀናት ተመልከቱ፤ አብዛኛው የኢሜይል አገልግሎት መልእክቱን ጽፎ በኋላ በተወሰነ ሰዓት እንዲሄድ ማድረግ ያስችላል።

3. ማታ ካርዶቹን ለዩ

ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ በሦስት ክፈሏቸው፦ ቃል የገባችሁላቸው፣ ጥያቄ ጠይቀው መልስ ወዲያው ያገኙ፣ እና ሰላምታ ብቻ የተለዋወጣችኋቸው። የሳሙና ፋብሪካዋ ኃላፊ ካርድ የመጀመሪያው ክምር ላይ ይቀመጣል። የምትጽፉትም ከዚያ ክምር ጀምራችሁ ነው። ትልቅ ድርጅት ስለሆነ ብቻ ሰላምታ የተለዋወጣችሁትን ሰው ማስቀደም የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ግልጽ ችግር ይዞ የመጣ ትንሽ ፋብሪካ ለግዢ ይበልጥ ይቀርባል።

የካርዱን ፊትና ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ካርድ ይጠፋል።

4. ከመጻፋችሁ በፊት መልሱን ፈልጉ

መልእክቱን ለመጻፍ ስትቀመጡ መጀመሪያ መክፈት ያለባችሁ ኢሜይሉን ሳይሆን ስልኩን ነው። ቴክኒሻኑ ጋ ደውሉ። በምሳሌያችን ቴክኒሻኑ የሚለው እንዲህ ነው እንበል፦ ትርኢቱ ላይ የቆመው ማሽን ጠርሙሱን እያሽከረከረ ዙሪያውን ስለሚለጥፍ የሚሠራው ለክብ ጠርሙስ ብቻ ነው። ጠፍጣፋ ጠርሙስ ስለማይሽከረከር ከፊትና ከኋላ የሚለጥፉ ሁለት መለጠፊያዎች ያሉት ሞዴል ይፈልጋል፤ ያ ሞዴል የማሽከርከሪያ ክፍል ሲገጠምለት ክቡንም ይሠራል፤ ቅያሬው 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። እርጥበቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ጠርሙሱ ላይ ውኃ ወይም ሳሙና ካለ የሌብሉ ማጣበቂያ ፕላስቲኩን ስለማያገኘው የትኛውም ማሽን ቢለጥፈው ይላቀቃል። መፍትሔው ከማሽኑ በፊት ጠርሙሱን በአየር የሚያደርቅ ማራገቢያ ማስገባት ነው።

ልብ በሉ፣ መልሱ ለሻጩ ሙሉ በሙሉ አስደሳች አይደለም። ያሳየው ማሽን ለእሳቸው አይሆንም፤ ተጨማሪ መሣሪያም ያስፈልጋል። እንደዚያም ሆኖ በግልጽ መጻፍ አለበት። «አዎ፣ ይቻላል» ብላችሁ ብትጽፉ ፕሮፎርማው ሲደርስ ዋጋው ከጠበቁት በላይ ይሆንባቸዋል፤ ወይም የከፋው፣ ማሽኑ ገብቶ ሌብሉ መላቀቁን ይቀጥላል።

ቴክኒሻኑ ካልተገኘስ? መልእክቱ አይዘግይ። በሁለተኛው ቀን የምታውቁትን ያህል መልሱና የቀረው መቼ እንደሚደርሳቸው ቀኑን ጠቅሳችሁ ጻፉ፦ «ስለ ቅያሬው ጊዜ ከዚህ በታች ጽፌያለሁ፤ ስለ እርጥበቱ የቴክኒሻናችንን መልስ እስከ ሰኞ ማታ አደርስልዎታለሁ።» «በቅርቡ» አይባልም። ቀን ከጠቀሳችሁ ደግሞ ያንን ቀን አታሳልፉት፤ ገዢው ስለ ዕቃ ማድረሻ ቀናችሁ የሚያውቀው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

5. መልእክቱን ጻፉ

መልእክቱ አራት ነገሮች ይኖሩታል፦ ርዕስ፣ ማን እንደሆናችሁ የሚያስታውስ መግቢያ፣ መልስ፣ እና አንድ ቀላል ጥያቄ። ርዝመቱ በስልክ ስክሪን ላይ ብዙ ሳይወርዱ የሚነበብ ያህል ይሁን። የተሟላው መልእክት ይኸውና፦

> ርዕስ፦ ክብና ጠፍጣፋ ጠርሙስ በአንድ ማሽን (ማክሰኞ የጠየቁኝ)
>
> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ …፣
>
> ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በማሸጊያ ትርኢቱ ላይ ሌብል መለጠፊያ ማሽኑን ሲያዩ ያነጋገርኩዎ ነኝ። ጠርሙሶቹ ከመሙያው እርጥብ ሆነው ስለሚወጡ ሌብሉ በማግስቱ እንደሚላቀቅ ነግረውኝ ነበር።
>
> ቴክኒሻናችንን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ትርኢቱ ላይ ያዩት ማሽን የሚሠራው ለክቡ ጠርሙስ ብቻ ነው። ጠፍጣፋውንም ለመለጠፍ ሁለት መለጠፊያ ያለው ሞዴል ያስፈልጋል፤ እሱ ሁለቱንም ይሠራል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። እርጥብ ጠርሙስ ላይ ግን የትኛውም ማሽን ቢለጥፍ ሌብሉ ይላቀቃል። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ጠርሙሱን የሚያደርቅ የአየር ማራገቢያ መግባት ይኖርበታል።
>
> ማራገቢያውና ማሽኑ መስመርዎ ላይ ቦታ እንደሚበቃቸው ለማየት፣ ከመሙያው እስከ ካርቶን ማሸጊያው ስንት ሜትር እንደሆነ ቢጽፉልኝ እጠቀምበታለሁ። ልኩ እንደደረሰኝ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ፕሮፎርማ ከማራገቢያው ጋርና ያለ ማራገቢያው አዘጋጅቼ እልክልዎታለሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> ስም፣ ድርጅት፣ ስልክ

አሁን ክፍል በክፍል እንየው።

ርዕሱ ላይ የእናንተ ድርጅት ስም የለም። ያለው የእሳቸው ጥያቄ ነው። «ከትርኢቱ በኋላ ሰላምታ» ወይም «ስለ ምርቶቻችን» የሚል ርዕስ ከሌሎቹ ጋር ተመሳስሎ ያልፋል። «ክብና ጠፍጣፋ ጠርሙስ በአንድ ማሽን» የሚለውን ግን ከአስር ሻጭ አንዱ ብቻ ነው ሊጽፍ የሚችለው። በስልክ ላይ የርዕሱ መጨረሻ ስለሚቆረጥ ዋናው ቃል ከፊት ይምጣ።

መግቢያው ምስጋና አላበዛም። ቀኑን፣ ቦታውንና የነገሩትን ነገር ያነሳል። አንዳንዱ ሻጭ እዚህ ቦታ ላይ ድርጅቱ መቼ እንደተመሠረተ መተረክ ይጀምራል፤ አንባቢዋ ግን ገና «ይሄ ሰው የትኛው ነው?» እያሉ ነው። ጥያቄያቸው እስኪመለስ ድረስ ሌላ ነገር አይገባቸውም።

መልሱ ከሁሉም ረዝሟል፤ ተገቢም ነው። የመልእክቱ ዋጋ ያለው እዚያ ነው። «አይሆንም» የሚለውን አስቀድሞ፣ የሚሆነውን ወዲያው አስከትሏል።

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ መልእክት የሚበላሸው እዚህ ነው። «መቼ ብንገናኝ ይመችዎታል?» የሚል ጥያቄ ለተቀባዩ ሥራ ይሰጠዋል፦ አጀንዳ ይከፍታል፣ ከአለቃው ጋር ይነጋገራል፣ ከዚያ «በኋላ እመልሳለሁ» ብሎ ይተወዋል። «ሐሳብዎን ያሳውቁን» ደግሞ ምን እንደሚመለስ እንኳ አይነግርም። ርቀቱን በሜትር መጠየቅ ግን በአንድ መስመር ይመለሳል። ከዚህም በላይ፣ የምርት ኃላፊዋ ያንን ለማወቅ መስመሩ አጠገብ ሄደው ወይ ራሳቸው ይለካሉ ወይ ሰው ያስለካሉ። ያንን ያደረገ ሰው ማሽኑን ቦታው ላይ አስቦታል። ጥያቄው የውሸት ምክንያት መሆን ግን የለበትም፤ ለፕሮፎርማው በእርግጥ የሚያስፈልጋችሁን ነገር ነው የምትጠይቁት። ሁለት ጥያቄ ከጠየቃችሁ ቀላሉ ይመለሳል፤ ዋናው ይቀራል። አንድ ብቻ ጠይቁ።

ያልተጻፈውንም ተመልከቱ። ካርዱ ጀርባ ላይ «4 ሰው በእጅ» እና «ውሳኔ ከሥራ አስኪያጁ ጋር» የሚል ነበር። መልእክቱ ላይ ግን አልገቡም። ምክንያቱም ይህ መልእክት ኃላፊዋ ጋ አያቆምም፤ ካሰቡበት ለሥራ አስኪያጁ ወይም ለግዢ ክፍሉ ያስተላልፉታል። «ውሳኔው የእርስዎ ስላልሆነ» የሚል ነገር ያለበትን መልእክት ማንም ለአለቃው አያስተላልፍም። አራት ሠራተኛ ይቀነሳል የሚለው ስሌትም በጽሑፍ ሲዞር ፋብሪካው ውስጥ ለእሳቸው ችግር ሊፈጥር ይችላል። እንዲሁም ቆመው ሲያወሩ ስለ አሁኑ አቅራቢያቸው ቅሬታ ነግረዋችሁ ከሆነ እሱን ጽፋችሁ አትመልሱላቸው። በአፍ የተነገረ ነገር በአፍ ይቅር። ከመላካችሁ በፊት መልእክቱን ትርኢቱ ላይ ባልነበረው ሥራ አስኪያጅ ዓይን አንብቡት፦ ነገሩ ይገባዋል? ያስተላለፈችለትን ሴት ያሳፍራታል? የመጀመሪያው «አዎ»፣ ሁለተኛው «አይ» ከሆነ ይሂድ።

ዋጋስ? ጠይቀው ከሆነ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ግምቱንና ግምቱ የሚለዋወጥበትን ምክንያት ጻፉ። የተጠየቀን ዋጋ ዘሎ ማለፍ መሸሽ ይመስላል። ካልጠየቁ ግን የዚህ መልእክት ጉዳይ አይደለም፤ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ሳይታወቅ የተጣለ ቁጥር በኋላ ይዘው ይከራከሩበታል።

6. አባሪውን ቀንሱ

ሙሉ ካታሎግ አታያይዙ። በምሳሌያችን ማያያዝ ካስፈለገ የሁለት መለጠፊያው ሞዴል አንድ ገጽ መግለጫ ይበቃል። ጂሜይል በአንድ መልእክት እስከ 25 ሜጋባይት አባሪ ይልካል፤ የተቀባዩ ድርጅት ሰርቨር ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ መልእክታችሁ ራሱ ሳይደርስ ይቀራል። ቅያሬውን የሚያሳይ ቪዲዮ ካላችሁ ፋይሉን ሳይሆን ሊንኩን ላኩ፤ አንድ ሊንክ ብቻ። ለማያውቃችሁ አድራሻ ብዙ ሊንክና ብዙ ሥዕል ያለው የመጀመሪያ መልእክት ስፓም ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከፍ ይላል።

7. ከመላካችሁ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ስሙን ከካርዱ ላይ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት ወይም ዶክተር የሚለውን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ካርዱ ላይ ያለውን የሥራ መጠሪያ ተጠቀሙ። አንቱታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጠብቁ፤ «ነግረውኝ» ብሎ ጀምሮ «ላክልኝ» ብሎ የሚጨርስ መልእክት ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የተለጠፈ መሆኑን ያሳብቃል። ከዚሁ ጋር፣ አንዱን መልእክት ቀድታችሁ ለሌላ ሰው ስታስተካክሉ ሳይቀየር የሚረሳው ክፍል ርዕሱ ነው፤ ለጭማቂ ፋብሪካ ስለ ሳሙና የተጻፈ ርዕስ የሚደርሰው በዚህ ነው።

የኢሜይል አድራሻውን ስትጽፉ ኤልን ከ1፣ ኦን ከ0 ለዩ። የካርድ ፎቶ አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መተግበሪያ እነዚህን ያሳስታል። ከላካችሁ በኋላ ከ«mailer-daemon» መልስ ከመጣ መልእክቱ አልደረሰም ማለት ነው፤ ካርዱን እንደገና አይታችሁ በዚያው ቀን ላኩት።

ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አትላኩ። አድራሻዎቹን ሁሉ ተቀባይ መስመር ላይ ደርድሮ መላክ የአንዱን ደንበኛ አድራሻ ለተፎካካሪው ማሳየት ነው። ካርድ የሰጠ ሰው ደግሞ ስለተነጋገራችሁበት ጉዳይ እንድትጽፉለት ፈቅዷል እንጂ በየሳምንቱ ማስታወቂያ እንዲደርሰው አልተመዘገበም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ላለ ተቀባይ ከ2018 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነ ጥብቅ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አለ፤ የማስታወቂያ ዝርዝር ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ።

8. በስልክ መልእክት ከሆነ

አንዳንድ ሰው ኢሜይል አይከፍትም፤ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ይሻለዋል። ካርዱ ጀርባ ላይ ያንን ከጻፋችሁ በዚያ ላኩ፤ ግን የኢሜይሉን ጽሑፍ እንዳለ አትለጥፉ። ቁጥራችሁ ስልኩ ላይ ስላልተመዘገበ መጀመሪያ የሚያየው የማያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ስምና ቦታ ይሁን፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ … ነኝ፤ ማክሰኞ በማሸጊያ ትርኢቱ ላይ ስለ ክብና ጠፍጣፋ ጠርሙስ ተነጋግረን ነበር።» ከዚያ መልሱ በሦስት አራት መስመር፣ ከዚያ ያው አንዱ ጥያቄ። ሁሉም በአንድ መልእክት ይግባ፤ «ሰላም» ብቻ ልኮ መልስ መጠበቅ ሥራ ላይ ያለን ሰው ያስቸግራል። በሥራ ሰዓት ላኩ፤ የድምፅ መልእክትም ለመጀመሪያ ጊዜ አይመከርም፤ ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ሊያነብ ይችላል፣ ሊያዳምጥ ግን አይችልም።

9. ዝም ካሉ

መልእክቱ መከፈቱን የሚነግሩ መሣሪያዎች አሉ፤ እነሱን ይዛችሁ ግን አትወስኑ። አብዛኞቹ የሚሠሩት መልእክቱ ውስጥ በተደበቀች ትንሽ ሥዕል ነው። አፕል ከ2021 ጀምሮ በኢሜይል መተግበሪያው ላይ ባስገባው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት፣ ያንን ጥበቃ በሚጠቀሙ ሰዎች ዘንድ ሥዕሎቹ ሰውየው ሳያነበውም አስቀድመው ይጫናሉ። «ተከፍቷል» የሚለው ምልክት አልተነበበም ማለትም ሊሆን ይችላል። «ሁለት ጊዜ እንደከፈቱት አይቻለሁ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ሰውን እንደተከታተሉት ማሳወቅ ነው፤ ፈጽሞ አይደረግ።

አምስት የሥራ ቀን ጠብቁና በዚያው መልእክት ሥር፣ «መልስ» የሚለውን ተጭናችሁ ሁለተኛውን ጻፉ። የቀድሞው ከሥር ስለሚታይ እንደገና ማስተዋወቅ አያስፈልግም። «ያለፈው መልእክቴ ደርሶዎት ይሆን?» ብቻ አይበቃም፤ ይህ የሚያስታውሰው እናንተ መልስ እየጠበቃችሁ መሆኑን ብቻ ነው። አዲስ ነገር ይኑረው። ለምሳሌ፦ «ርቀቱን መለካት ካልተመቸ የመስመሩን አንድ ፎቶ ቢልኩልኝም ቦታው እንደሚበቃ መገመት እንችላለን። እርጥብ ጠርሙስ በማራገቢያ ሲደርቅ የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮም ከዚህ ጋር አለ።» የተጠየቀው ነገር ከመጀመሪያው ቀለለ፤ ያነሱት ችግርም እንዳልተረሳ ታየ።

ለዚህም መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ በስልክ ደውሉ። ሦስተኛ የጽሑፍ መልእክት አትላኩ። ደውላችሁ «አሁን በጀት የለም፤ ከሦስት ወር በኋላ እናያለን» ካሏችሁ ቀኑን መዝግቡ፤ ከካርዱ ፎቶና ከላካችሁት መልስ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት። ከሦስት ወር በኋላ የምትጽፉት ሰው አሁንም ክብና ጠፍጣፋ ጠርሙስ አላቸው፤ ጠርሙሱም አሁንም እርጥብ ነው። መልእክታችሁም የሚጀምረው ከዚያው ነው። «አንፈልግም» ካሉ ግን አመስግናችሁ ካርዱን ከዝርዝሩ አውጡት።